የራም ፕሮፋይል እና ምክንያቱ ያልታወቀ የጌም መዘጋት፦ የኮምፒውተርን መረጋጋት ስለ መፈተሽ

በኮምፒውተር ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ከሚያጋጥሟቸው ብልሽቶች ሁሉ ለመመርመር አስቸጋሪው፣ ጌሙ ያለ ማስጠንቀቂያ፣ አንድ ጊዜ በጀመረ በ10 ደቂቃ ሌላ ጊዜ ከ3 ሰዓት በኋላ፣ በየጊዜውም የተለየ መልእክት እያሳየ ወይም ምንም ሳይል ድንገት የሚዘጋበት ነው። ጌሙ ራሱ የፕሮግራም ስሕተት ካለበት ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን አይለቅም፤ ተጫዋቹ ያንኑ ካርታ በከፈተ ወይም ያንኑ ተልእኮ በጀመረ ቁጥር እዚያው ላይ ይዘጋል፣ ሌሎች ተጫዋቾችም ያንኑ ችግር ይናገራሉ። ሃርድዌሩ ከአቅሙ ጠርዝ ላይ ሆኖ ሲሠራ የሚፈጠረው ስሕተት ግን እንዲህ ያለ ቋሚ ቦታ የለውም፤ ዛሬ አንዱን ጌም ይዘጋል፣ ነገ ብሮውዘሩን ይዘጋል፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ የወረደ ፋይል ሲፈታ ተበላሽቷል የሚል መልእክት ያመጣል።

ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት ከሚጠቀሱት ምክንያቶች መካከል በብዛት የሚያጋጥመውና በጥቂቱ የሚጠረጠረው፣ ኮምፒውተሩ ሲገጣጠም ባዮስ ውስጥ በአንድ ምርጫ የሚከፈተውና ከዚያ በኋላ የሚረሳው የራም ፕሮፋይል ነው። ባዮስ የሚባለው ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ማዘርቦርዱን የሚያዘጋጀው ፕሮግራም ሲሆን፣ በውስጡ XMP ወይም EXPO ተብሎ የሚነበበው ምርጫ ራሙን ሣጥኑ ላይ በተጻፈው ፍጥነት እንዲሠራ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ይህን ምርጫ የከፈለበትን ፍጥነት እንደ ማግኘት ብቻ ስለሚቆጥረው፣ «ኮምፒውተሩ ኦቨርክሎክ ተደርጓል ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ በቅንነት «አልተደረገም» ብሎ ይመልሳል። ኦቨርክሎክ ማለት አንድን ዕቃ አምራቹ ዋስትና ከሰጠበት ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው፤ በዚህ ትርጉም የራም ፕሮፋይል መክፈት በአብዛኛው ኦቨርክሎክ ማድረግ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ የተለመደ ኮምፒውተር በምሳሌነት ይወሰድ፦ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ተከታታይ ፕሮሰሰር ያለው፣ እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት የሚይዙ ሁለት የዲዲአር5 ራሞች የተገጠሙለት፣ የራሞቹ ሣጥን ላይም 6000 እና CL30 የሚል የተጻፈበት ነው። በእያንዳንዱ ራም ላይ ራሙ በምን ፍጥነት፣ በምን ታይሚንግና በምን ቮልቴጅ እንደሚሠራ የተመዘገበባት አንዲት ትንሽ ቺፕ አለች። በመዝገቡ የመጀመሪያ ክፍል ጄዴክ የተባለው የኢንዱስትሪው ደረጃ አውጪ ድርጅት ያጸደቀው ልክ ይገኛል፤ ለምሳሌው ራም ይህ 4800 እና 1.1 ቮልት ነው እንበል። በሁለተኛው ክፍል ደግሞ የራሙ አምራች የጨመረው ፕሮፋይል፣ ማለትም 6000፣ CL30 እና 1.35 ቮልት ይገኛል። XMP ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ያስተዋወቀው የዚህ ሁለተኛ ክፍል አጻጻፍ ሲሆን፣ EXPO ደግሞ ኤኤምዲ በ2022 ከራይዘን 7000 ጋር ያቀረበው ነው።

የራሙ አምራች ሣጥኑ ላይ የጻፈው ፍጥነት ራሙን ብቻ የሚመለከት መሆኑ እዚህ ላይ በጥብቅ መታወቅ አለበት። ከራሙ ጋር የሚነጋገረው የሜሞሪ ተቆጣጣሪ የሚገኘው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኙት ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ በማዘርቦርዱ ላይ የተዘረጉ ናቸው። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች በይፋ ያስቀመጠው ከፍተኛ ፍጥነት ሁለት ራሞች ሲገጠሙ 5200፣ አራት ራሞች ሲገጠሙ ደግሞ 3600 ነው። አብዛኞቹ ፕሮሰሰሮች በሁለት ራሞች 6000ን ያለ ችግር ይሸከማሉ፤ ነገር ግን ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ፕሮሰሰሮች እንኳ እኩል አቅም ስለሌላቸው፣ በጓደኛ ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት የሠራ ያው ራም በሌላው ላይ ሊሳሳት ይችላል። ሰዎች «ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ነው፣ ስለዚህ መሥራት አለበት» የሚሉት ሦስት አካላት የሚሸከሙትን ጉዳይ በአንዱ አካል ቃል ብቻ ስለሚመዝኑት ነው።

ፍጥነቱ ሲጨምር የሚጠበው ጊዜ ነው። 6000 የሚለው ቁጥር በእያንዳንዱ መስመር ላይ በሴኮንድ 6,000 ሚሊዮን ቢቶች ይተላለፋሉ ማለት ስለሆነ፣ ለአንድ ቢት የሚደርሰው ጊዜ ከሴኮንድ ትሪሊዮንኛ ክፍሎች ውስጥ 167 ያህሉ ብቻ ነው፤ በ4800 ግን 208 ያህል ይደርሰው ነበር። ተቀባዩ ወገን በዚህች ቅጽበት መካከል መስመሩን ተመልክቶ ቮልቴጁ ከፍ ያለ ከሆነ 1፣ ዝቅ ያለ ከሆነ 0 ብሎ መመዝገብ አለበት። አንባቢ እያነበበለት የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ፣ አንባቢው ንባቡን ባፈጠነ ቁጥር ፊደሉን ሁሉ ከመሳሳት ይልቅ ከብዙ ገጽ አንዲት ፊደል እንደሚዘልል፣ የሜሞሪ ተቆጣጣሪውም ከአቅሙ ጥቂት ብቻ ሲያልፍ ከብዙ ቢሊዮን ቢቶች አንዱን ነው የሚስተው። በጣም ቢያልፍ ኖሮ ኮምፒውተሩ ከናካቴው ስለማይነሣ ምክንያቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር። አስቸጋሪው ዊንዶውስ የሚነሣበት፣ ፊልም የሚታይበት፣ ጽሑፍ የሚጻፍበት፣ ጌም ብቻ አልፎ አልፎ የሚዘጋበት ጠባብ ቦታ ነው።

የአንዲት ቢት መሳት የሚያስከትለው ነገር ቢቷ በወደቀችበት ቦታ ይወሰናል። በጌሙ ውስጥ የአንድ ተዋጊ ጤንነት 100 ተብሎ በራም ላይ ተቀምጧል እንበል፤ ይህ ቁጥር በኮምፒውተሩ ቋንቋ 1100100 ተብሎ ይጻፋል፤ ከግራ የመጀመሪያዋ 1 ወደ 0 ብትለወጥ ቁጥሩ 36 ይሆናል። ጌሙ አይዘጋም፤ ተዋጊው ድንገት ይደክማል፣ ተጫዋቹም ተመትቶ ይመስለዋል። ስሕተቱ በሥዕል ላይ ከወደቀ አንዲት ነጥብ ቀለሟ ይለወጣል፣ ማንም አያያትም። በአድራሻ ላይ ከወደቀ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አድራሻ ማለት ፕሮግራሙ የሚፈልገው መረጃ ራም ውስጥ የት እንደተቀመጠ የሚያመለክት ረጅም ቁጥር ስለሆነ፣ ከፍ ባለው ክፍሉ አንዲት ቢት ስትለወጥ ፕሮግራሙ ከእውነተኛው ቦታ አንድ ቴራባይት ርቆ ወደማያውቀው ሥፍራ ይሄዳል። ዊንዶውስ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን ቦታ ሲነካ ስለሚያየው ወዲያውኑ ይዘጋዋል፤ በመዝገቡም ላይ 0xc0000005 የሚለውን ቁጥር ይጽፋል። እንግዲህ ተጫዋቹ ባያቸው ሁለትና ሦስት መዘጋቶች መካከል ሳይታዩ ያለፉ ብዙ ስሕተቶች ሊኖሩ ይችላሉ ማለት ነው።

ጌም ከሌሎች ሥራዎች በፊት የሚዘጋበትም ምክንያት ከዚሁ ይመነጫል። ጌም ሲከፈት በብዙ ጊጋባይት የሚቆጠር የታመቀ መረጃ ከዲስክ አንሥቶ ይፈታል፣ በራም ውስጥ ያዘዋውራል፣ ፕሮሰሰሩንና ግራፊክስ ካርዱን በአንድ ጊዜ ያሞቃል። የታመቀ መረጃ ደግሞ ለስሕተት ትዕግሥት የለውም፤ አንዲት ቢት ከተለወጠች ከእርሷ በኋላ ያለው ሁሉ ትርጉም ሊያጣ ይችላል። ይህ በሰፊው የታየው ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ላይ ነበር፤ ጌሞች ሲከፈቱ `Out of video memory trying to allocate a rendering resource` የሚል መልእክት እያሳዩ ይዘጉ ነበር። መልእክቱ የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ እንዳለቀ የሚናገር ስለሆነ ብዙዎች ካርዳቸውን ጠረጠሩ፤ ስሕተቱ ግን ይፈጠር የነበረው መረጃውን በሚፈታው ፕሮሰሰር ውስጥ ነበር። ኢንቴል ምክንያቱ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ፕሮሰሰሩን ቀስ በቀስ ማዳከሙ መሆኑን ገልጾ፣ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. 0x129 የተባለውን ማስተካከያ አወጣ፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ጉዳዩ ከራም ፕሮፋይል የተለየ ነው፤ ነገር ግን ስክሪን ላይ የሚነበበው መልእክት ጥፋተኛውን ዕቃ እንደማይጠቁም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ስለዚህ ምርመራው ከመልእክቱ ይልቅ ከመዝገቡ ይጀምራል። ዊንዶውስ ውስጥ Event Viewer ተብሎ በሚገኘው መዝገብ እያንዳንዱ የተዘጋ ፕሮግራም የተዘጋበት ሰዓትና ስሕተቱ የተፈጠረበት ክፍል ስም ይጻፋል። በአምስት መዘጋቶች አምስት የተለያዩ ስሞች ከተነበቡ ጥርጣሬው ወደ ራሙ ወይም ወደ ፕሮሰሰሩ ያዘነብላል። WHEA-Logger የሚል ጽሑፍ ከተገኘ ሃርድዌሩ ራሱ ስሕተት አይቶ ማስመዝገቡ ነውና ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ነው። nvlddmkm ወይም Display የሚሉት የግራፊክስ ካርዱ መልስ መስጠት ማቆሙን ያመለክታሉ። Kernel-Power 41 ግን ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ስለሚናገር፣ መብራት ሲጠፋም ስለሚመዘገብ፣ ከእርሱ ተነሥቶ የኃይል አቅራቢውን መወንጀል አይገባም።

ከዚያ በኋላ የሚደረገው የመጀመሪያው ሙከራ ከፕሮግራም ማውረድ ሁሉ ይቀድማል፤ እርሱም ባዮስ ገብቶ XMP ወይም EXPO የሚለውን መዝጋት፣ በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ ላይ የተደረገ ማስተካከያ ካለም ሁሉንም ወደ ነበረበት መመለስና ያንኑ ጌም መጫወት ነው። በዚህ ጊዜ ራሙ በ4800 ይሠራል፤ ጌሙ ጥቂት ይዘገያል፣ ግን ይሠራል። ለምን ያህል ጊዜ መጫወት እንደሚገባ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጌሙ በአማካይ በ2 ሰዓት አንዴ የሚዘጋ ከሆነና መዘጋቱ በዕድል የሚደርስ ከሆነ፣ ምንም ነገር ሳይለወጥ እንኳ 2 ሰዓት በሰላም የማለፍ ዕድሉ 37 በመቶ ያህል ነው፤ 6 ሰዓት በሰላም የማለፍ ዕድሉ ግን ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ከተለመደው የመዘጋት ጊዜ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ሳይጫወቱ «ተስተካከለ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ሰዎች ድራይቨር ቀይረው፣ ጌሙን እንደገና ጭነው፣ አንድ ምሽት ያለ ችግር አልፈው መፍትሔ አገኘን የሚሉትና በማግሥቱ የሚያዝኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮፋይሉ ሲዘጋ ችግሩ ከጠፋ፣ ቀጥሎ የሚፈለገው ፕሮፋይሉ ምን ያህል እንደሚስት መለካት ነው። ከመጀመሩ በፊት ሊጠፋ የማይገባው ፋይል ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ወይም ፍላሽ መገልበጥ አለበት፤ ይህም ግልበጣ ፕሮፋይሉ ተዘግቶ እያለ ይደረግ፣ አለዚያ የሚሳሳተው ራም ቅጂውንም ሊያበላሸው ይችላል። የመጀመሪያው ፍተሻ ከዊንዶውስ ውጭ መሆን የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። Memtest86+ የተባለው ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሣ ሲደረግ፣ ዲስኩን ሳይነካ በራሙ ላይ የታወቀ ቁጥር ይጽፋል፣ መልሶ ያነባል፣ ያነበበው ከጻፈው ከተለየም ስሕተቱን በቀይ ያሳያል። አንድ ሙሉ ዙር ለ32 ጊጋባይት ራም ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ማታ አስጀምሮ ማደር ይሻላል። አንዲት ስሕተት ከታየች ፍተሻው አብቅቷል፤ «አንዲት ብቻ ናት» የሚባል ነገር በራም ዘንድ የለም፣ ትክክለኛው ቁጥር ዜሮ ነውና።

ስሕተት ሳይታይ ካደረ ግን ነገሩ አላለቀም፤ ብዙ መመሪያዎች የሚያቆሙትም እዚህ ላይ ስለሆነ በዚህ ነጥብ ላይ መቆየት ተገቢ ነው። Memtest86+ በሚሠራበት ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ ቀዝቅዞ ተቀምጧል፣ የሣጥኑም ውስጥ ቀዝቃዛ ነው፤ ጌም ሲጫወቱ ግን 300 ዋት የሚበላ ካርድ የሚያወጣው ትኩስ አየር በቀጥታ ወደ ራሞቹ ይነሣል። ራም እያንዳንዷን ቢት የሚይዘው እጅግ ትንሽ በሆነ የኤሌክትሪክ ክምችት ነው፤ ይህ ክምችት በራሱ እየፈሰሰ ስለሚያልቅ በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ፍሳሹ ይፈጥናል። በ40 ዲግሪ ሌሊቱን ሙሉ ያልሳተ ራም፣ ታይሚንጉ የጠበቀ ከሆነ፣ ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ሊስት የሚችለው ስለዚህ ነው። በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተፈትሾ ያለፈ ኮምፒውተር በድሬዳዋ ወይም በዱባይ በጋ ላይ ጌም መዝጋት ቢጀምር ዕቃው ተበላሽቷል ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል፤ የክፍሉ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የራሙም ሙቀት በዚያው ያህል ይጨምራል።

ስለዚህ ሁለተኛው ፍተሻ በዊንዶውስ ውስጥ፣ ጌም የሚፈጥረው ሙቀት ባለበት ይደረጋል። ለራም TestMem5 የተባለው ፕሮግራም anta777 በተባለው የፍተሻ ዝርዝር፣ ወይም የሚከፈልበት Karhu RAM Test ይመረጣል፤ ሁለቱም ራሙን ከተለመደው ሥራ በላይ ያስጨንቁታል። ፍተሻው እየሄደ ሳለ ግራፊክስ ካርዱን የሚያሠራ ቀላል ጌም ወይም የካርድ ፍተሻ ጎን ለጎን ይከፈታል፤ HWiNFO የተባለው ፕሮግራም ደግሞ በአንድ ጥግ ተከፍቶ የራሞቹን ሙቀት ያሳያል፣ ዲዲአር5 ራሞች የራሳቸው የሙቀት መለኪያ አላቸውና። በምሳሌው ኮምፒውተር ላይ Memtest86+ ያለ ስሕተት አደረ እንበል፤ TestMem5 ብቻውን አልፎ፣ ካርዱ ሲከፈት ግን ከ25 ደቂቃ በኋላ፣ ራሙ 56 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሁለት ስሕተቶች ቢመዘግብ፣ ምክንያቱ እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው፤ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ጌሙ በጀመረ በ10 ደቂቃ ሳይሆን ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚዘጋውም ሣጥኑ እስኪሞቅ ድረስ ስለሚቆይ ነው።

ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ የሚወሰዱት እርምጃዎች አንድ በአንድ መሆን አለባቸው፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። መጀመሪያ ማዘርቦርዱ አዲስ ባዮስ ካለው ይጫን፤ የራይዘን 7000 ማዘርቦርዶች በተለይ ከራም ጋር የሚግባቡበት መንገድ በባዮስ እየተሻሻለ መጥቷል። ቀጥሎ ራሞቹ በትክክለኛው ስሎት መግባታቸው ይታይ፤ ሁለት ራም ብቻ ሲኖር አብዛኞቹ አራት ስሎት ያላቸው ማዘርቦርዶች ከፕሮሰሰሩ ተቆጥሮ ሁለተኛውንና አራተኛውን ይፈልጋሉ። ከዚያ ራሞቹ አንድ በአንድ ይፈተሹ፤ አንደኛው ብቻውን የሚስትና ሌላው የማይስት ከሆነ ችግሩ ያለው በራሙ ነው፣ ሁለቱም ለየብቻ የማይስቱና አብረው ሲሆኑ የሚስቱ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ተቆጣጣሪው ያመራል። በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ሱቅ የተገዙ ራሞችን አንድ ላይ መግጠም የሚያስቸግረውም ሣጥናቸው አንድ ቢሆን እንኳ በውስጣቸው ያሉት ቺፖች የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ነው፤ ፕሮፋይሉ የተፈተሸው አብረው በአንድ ሣጥን ለወጡት ነው።

እነዚህ ሁሉ ካልረዱ ትክክለኛው ውሳኔ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ መቀነስ ነው። 6000ን ወደ 5600 ዝቅ አድርጎ CL30ን እንዳለ መተው ይቻላል፤ CL የሚባለው ራሙ ትእዛዝ ከተቀበለ በኋላ የመጀመሪያውን መረጃ እስኪሰጥ የሚቆጥረው የምት ብዛት ስለሆነ፣ በ6000 30 ምት 10 ናኖሴኮንድ፣ በ5600 ደግሞ 10.7 ናኖሴኮንድ ይወስዳል። ይህ በጌም ላይ የሚያመጣው ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ በዓይን አይታይም፤ በየምሽቱ ከሚዘጋ ጌም ጋር ደግሞ ከናካቴው አይወዳደርም። ብዙዎች ግን ፍጥነቱን ላለመቀነስ ሲሉ ቮልቴጅ ይጨምራሉ፤ ይህ መንገድ ጥንቃቄ ይሻል። SoC ተብሎ በባዮስ የሚነበበው የሜሞሪ ተቆጣጣሪው ቮልቴጅ በ2023 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች መቃጠል ምክንያት ኤኤምዲ ከ1.3 ቮልት እንዳያልፍ በባዮስ ገድቦታል። ፕሮፋይሉ ሲከፈት አንዳንድ ማዘርቦርዶች ይህን ቮልቴጅ በራሳቸው ከፍ ያደርጉት ስለነበር፣ አሮጌ ባዮስ ያለው ሰው ቁጥሩን ራሱ ማየት ይገባዋል።

ራሙ በሁሉም ፍተሻ ዜሮ ስሕተት ከሰጠና ጌሙ አሁንም ከተዘጋ፣ ያኔ ወደ ፕሮሰሰሩና ወደ ግራፊክስ ካርዱ መሄድ ይቻላል። ፕሮሰሰሩን Prime95 እና y-cruncher መልሱ የታወቀ ስሌት ደጋግመው እያሠሩ ይፈትሻሉ። ቮልቴጁን በCurve Optimizer የቀነሰ ሰው ግን እነዚህ ከባድ ፍተሻዎች ያላገኙት ስሕተት በቀላል ሥራ ላይ ሊደርስበት ይችላል፤ ፕሮሰሰሩ ከፍተኛውን ፍጥነት የሚነካው አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ ስለሆነ፣ CoreCycler የተባለው ፕሮግራም ኮሮቹን ተራ በተራ ለዚሁ ይፈትሻል። የግራፊክስ ካርዱ ፍጥነት ከልክ ሲያልፍ ካርዱ ለ2 ሴኮንድ መልስ ያቆማል፣ ዊንዶውስም ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል፣ ጌሙ በዚህ መካከል ይሞታል፤ ገና ከፋብሪካው ፍጥነቱ ተጨምሮ የመጣ ካርድም ይህ ሊደርስበት ስለሚችል በ50 ሜጋኸርዝ ዝቅ አድርጎ መሞከር ርካሽ ምርመራ ነው።

ራሙ ለሳምንታት ሲስት የቆየ ከሆነ ስሕተቱ በዊንዶውስ ፋይሎች ላይም ተጽፎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ራሙ ተስተካክሎ በፍተሻ ከተረጋገጠ በኋላ እነዚህ ሁለት ትእዛዞች በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ የትእዛዝ መስኮት ይሰጣሉ፤ የጌሞቹም ፋይሎች በየማስጀመሪያቸው እንደገና ይረጋገጣሉ።

```
DISM /Online /Cleanup-Image /RestoreHealth
sfc /scannow
```

ፍተሻ ሁሉ ስሕተትን ያሳያል እንጂ ስሕተት እንደሌለ አያረጋግጥም፤ የ8 ሰዓት ፍተሻ ያለፈ ፕሮፋይል በ80ኛው ሰዓት ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ መዘጋቱ ከወራት በኋላ ቢመለስ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ያው ፕሮፋይል ነው። ራሙ ፕሮፋይሉ ተዘግቶ፣ በ4800 እንኳ ከሳተ ግን የማስተካከል ጉዳይ አይደለም፤ ዕቃው ተበላሽቷል፣ የስሕተቱን ስክሪን ፎቶ አንሥቶ ለሻጩ በዋስትና መመለስ ይገባል። ዋስትናን በሚመለከት አንባቢ አንድ ነገር ቢያውቅ ይበጀዋል፦ ኤኤምዲ ኦቨርክሎክ ማድረግ፣ EXPO መክፈትን ጨምሮ፣ የፕሮሰሰሩን ዋስትና ሊያሳጣ እንደሚችል በጽሑፍ አስታውቋል፤ ፕሮሰሰር ከመመለሱ በፊት ብልሽቱ ፕሮፋይሉ ተዘግቶም እንደሚታይ ማረጋገጥ የገዢው ኃላፊነት ነው።